ከበሮውና እጁ፦ በብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፅ ለምን ከምስል ኋላ ይቀራል?

ይህ ጽሑፍ በጅማ ከተማ ሰርግና ልዩ ልዩ ዝግጅቶችን ለሚቀርጹና ለሚያቀናብሩ ባለሙያዎች በተሰናዳ የውይይት መድረክ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከጥቂት የቃላት እርማት በስተቀር እንደተነገረ ቀርቧል።

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ ከሂርማታ፣ ከቆጪና ከፈረንጅ አራዳ፣ እንዲሁም ከአጋሮና ከሰቃ የመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ አካም ኦልተን። ይህን ዝናብ ችላችሁ አዳራሹን ስለሞላችሁት ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። በብሉቱዝ ማዳመጫ ቪዲዮ ስናይ ድምፁ ከምስሉ ኋላ የሚቀረው ለምንድን ነው? መዘግየቱን ማሳጠር ባንችል እንኳ እንዳይጎዳን ማድረግ የምንችለውስ እንዴት ነው? ነገሩን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ፦ መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚደብቀውና መደበቅ የማይቻለው መቼ እንደሆነ፣ በመጨረሻም እንዴት እንደሚለካና እንደሚቀነስ። ከዚያ በፊት ግን ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝን ታሪክ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ቤተሰብ ሰርግ ቀርጬ ነበር። ምስሉን በካሜራ፣ ድምፁን ደግሞ ከሚክሰሩ በተለየ መቅጃ ወሰድኩ። ሁለቱን የማገጣጥመው ሌሊት ነበርና ቤተሰቤን ላለመረበሽ የብሉቱዝ ማዳመጫ በጆሮዬ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከበሮ የምትመታ አንዲት እናት ነበሩ። ምስሉን ሳጫውት እጃቸው ከበሮው ላይ ካረፈ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው። ስለዚህ የድምፁን መስመር ወደፊት ሳብኩት፤ አንድ ፍሬም፣ ሁለት ፍሬም እያልኩ በአምስተኛው ፍሬም ላይ እጅና ድምፅ ልክ ገጠሙልኝ። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ አንድ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ አምስቱ 200 ሚሊ ሰከንድ ይሆናሉ። ሥራውን ጨርሼ አስረከብኩ።

በሦስተኛው ቀን ተጠራሁ። ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ ቪዲዮውን በትልቁ ቴሌቪዥን ከፍቷል። የሙሽራው አያት ወደ ስክሪኑ እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ እጇ ሳያርፍ እኮ ነው ከበሮው የሚጮኸው፤ እልልታውም ከአፋችን ሳይወጣ ይሰማል» አሉኝ። ቆሜ አየሁት፤ እውነታቸውን ነበር። በማዳመጫዬ ውስጥ የነበረውን መዘግየት የቪዲዮው ስህተት መስሎኝ ሳስተካክል፣ ትክክል የነበረውን ፋይል አበላሽቼዋለሁ። ሌሊቱን የሰማሁት 200 ሚሊ ሰከንድ በፋይሉ ውስጥ ሳይሆን በጆሮዬና በላፕቶፑ መካከል ነበረ። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ሥራ አስረክቦ ቅሬታ የሰማ፣ ምክንያቱን ግን እስከ ዛሬ ያላወቀ ሰው አይኖርም ትላላችሁ?

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። መዘግየቱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ርቀቱን ወይም የራዲዮ ሞገዱን ነው። ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት ነው የሚጓዘው፤ ከላፕቶፑ እስከ ጆሯችን ያለችው አንድ ሜትር ለእሱ ከምንም አትቆጠርም። ሌላው የሚጠረጠረው ድምፁን መጭመቁ ነው። በእርግጥ ላፕቶፑ ድምፁን እንዳለ አይልከውም፤ ኮዴክ በሚባለው ስልት ይጨምቀዋል፣ ማዳመጫው ደግሞ ይፈታዋል። ይሁን እንጂ በሁሉም የብሉቱዝ ሙዚቃ ማዳመጫ ላይ በግዴታ የሚገኘው ኤስቢሲ የተባለው ኮዴክ በተለመደው አሠራሩ ድምፁን በ128 ናሙና እየቆራረጠ ነው የሚጨምቀው። በሰከንድ 44,100 ናሙና ባለው ድምፅ ይህ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ኤኤሲ የተባለው ደግሞ በአንድ ጊዜ 1,024 ናሙና ስለሚፈልግ አንዱ ቁራጭ ወደ 23 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። እነዚህ ተደምረውም እኔ ያየሁትን 200 አይሞሉም። ታዲያ ቀሪው የት ሄደ?

ቀሪው በማዳመጫው ውስጥ ወረፋ ይጠብቃል። ይህን ለማስረዳት ከየቤታችን ሮቶ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የቧንቧ ውኃ አንዳንዴ በኃይል ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀጥናል፣ አንዳንዴም ይቆማል። ሮቶ ያለው ቤት ግን መስመሩ ለጊዜው ቢቋረጥም ከሮቶው እየቀዳ ይቆያል። የብሉቱዝ ራዲዮም እንደዚያ ቧንቧ ነው። የሚሠራው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ ሲሆን፣ ይህን ሜዳ ከዋይፋይ፣ ከማይክሮዌቭ ምድጃና ከጎረቤት መሣሪያዎች ጋር ይጋራል። ግጭትን ለመሸሽ በ79 መስመሮች መካከል በሰከንድ እስከ 1,600 ጊዜ ይዘላል። ያም ሆኖ አንዳንዱ የድምፅ ጥቅል ይጠፋል፤ የጠፋውም እንደገና ይላካል። ድጋሚ የተላከው ጥቅል እስኪደርስ ጆሯችን ዝምታ እንዳይሰማ ማዳመጫው የተወሰነ ድምፅ አስቀድሞ አጠራቅሞ ከዚያ ላይ ያጫውታል። ይህ ክምችት ቋት ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ሮቶው በተለቀ ቁጥር አሁን የገባው ውኃ እስኪወጣ የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። ቋቱ 150 ሚሊ ሰከንድ ድምፅ ከያዘ፣ አሁን የገባው ድምፅ የሚሰማው ከ150 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ነው። የማዳመጫው አምራች ድምፅ እንዳይቆራረጥ ወይስ ቶሎ እንዲደርስ ከሚለው አንዱን መምረጥ ነበረበትና እንዳይቆራረጥ መረጠ። በኪሱ ስልክ ይዞ በመርካቶ ግርግር ውስጥ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ሙዚቃው በአንድ አምስተኛ ሰከንድ ቢዘገይ ማን ያውቃል?

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ነገር ሁላችንም ዘንድ አለ። በዚያው ማዳመጫ ስልክ ስታወሩ መዘግየቱ በጣም ያንሳል። በጥሪ ጊዜ ብሉቱዝ ለድምፁ ቋሚ ተራ ይመድብለታል፣ ትልቅ ክምችትም አያጠራቅምም። በምትኩ የድምፁ ጥራት ይወርዳል፤ ሙዚቃ እየሰማችሁ ጥሪ ሲገባ ድምፁ በአንዴ የሚቀጥንባችሁ ስለዚህ ነው። መሣሪያው ያው፣ ሞገዱ ያው፤ የተለወጠው የቋቱ መጠንና የአላላኩ ስልት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፦ ይህን መዘግየት የሚደብቀው ማን ነው?

ልብ ብላችሁ ከሆነ በስልካችሁ በዚያው ማዳመጫ ዩቲዩብ ስታዩ ከንፈርና ድምፅ ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ። መዘግየቱ ጠፍቶ አይደለም። ማዳመጫው ለስልኩ «እኔ ይህን ያህል ሚሊ ሰከንድ እዘገያለሁ» ብሎ የሚያስታውቅበት አሠራር አለ። አጫዋቹ ያንን ቁጥር ይዞ ምስሉን ያን ያህል ያዘገየዋል። ድምፁን ማፍጠን ስለማይቻል ምስሉ እንዲጠብቅ ይደረጋል። ተቀርጾ ያለቀ ቪዲዮ በመሆኑ አጫዋቹ መጪውን ያውቃል፤ ማስጠበቅም ይችላል።

መደበቅ የማይቻለው መቼ ነው? ምስሉ መጠበቅ በማይችልበት ጊዜ ሁሉ ነው። በጨዋታ ውስጥ ቁልፍ ስትጫኑ ምስሉ ያኔውኑ መለወጥ አለበት። በስልክ ላይ ፒያኖ ስትጫወቱ ጣታችሁን የሚያዘገይ ፕሮግራም የለም። ማዳመጫው የሚያስታውቀው ቁጥር የተሳሳተ ከሆነ፣ ወይም ፕሮግራሙ ቁጥሩን ጨርሶ የማይጠይቅ ከሆነም ልዩነቱ ይታያል። እኔ ያን ሌሊት የሠራሁበት የቅንብር ፕሮግራም ከማይጠይቁት አንዱ ነበር።

እዚህ ላይ የልጅነት ትዝታ ላንሳ። ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የቡና ማሳ አጠገብ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከሜዳው ማዶ፣ ጎረቤታችን ደጃቸው ላይ ቡና ይወቅጡ ነበር። ዘነዘናው ወደ ሙቀጫው ሲወርድ ይታየኛል፤ ድምፁ ግን የሚደርሰኝ ዘነዘናው እንደገና መነሳት ከጀመረ በኋላ ነበር። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ለአንድ ሜትር 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው። 200 ሚሊ ሰከንድ የሚዘገይ ማዳመጫ ያደረገ ሰው እንግዲህ ፊቱ ያለውን ስክሪን የሚሰማው 68 ሜትር ርቆ እንደቆመ ያህል ነው። የሜዳው ስፋት ከዚያ ብዙም አይለይም ነበር።

አሁን ልጠይቃችሁ። ድምፁ ከድርጊቱ ዘግይቶ ሲደርስ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ድምፁ ከድርጊቱ ቀድሞ የደረሰበትን ግን በተፈጥሮ ውስጥ የሰማ ማን አለ? ማንም የለም፤ አእምሯችንም አልለመደውም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለቴሌቪዥን ሥርጭት ያወጣው ምክረ ሐሳብ ይህንኑ በቁጥር ያሳያል። በዚያ መሠረት ተመልካች ድምፅ መቅደሙን የሚለየው ከ45 ሚሊ ሰከንድ ጀምሮ ነው፤ መዘግየቱን የሚለየው ግን 125 ሲደርስ ነው። ተቀባይነት የሚያጣውም ሲቀድም ከ90፣ ሲዘገይ ከ185 በላይ ሲሆን ነው።

የእኔ ስህተት የከፋው ለዚህ ነው። ድምፁን ሳልነካው ብተወው ኖሮ ከቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጡት ሁሉ ልክ ሆኖ ያዩት ነበር። እኔ ግን 200 ሚሊ ሰከንድ አስቀደምኩት፤ ያውም የሰው ጆሮ አጥብቆ በሚጠላው አቅጣጫ። የሙሽራው አያት ስለ ሚሊ ሰከንድ ምንም ሳይሰሙ ወዲያው ያወቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ መለኪያውና መላው ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ እሄዳለሁ።

የማዳመጫችሁን መዘግየት ለማወቅ ሁለት ስልክ ይበቃል። በአንደኛው ስልክ ላይ ማንኛውንም የፒያኖ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ስልኩ ሲነካ የሚያሰማውን የራሱን ድምፅ ግን አጥፉት። ሁለተኛውን ስልክ ድምፅ እንዲቀዳ አድርጋችሁ ከጎኑ አስቀምጡ። መጀመሪያ ያለ ማዳመጫ፣ በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ፣ የፒያኖውን ቁልፍ በጥፍራችሁ መታ መታ አድርጉ። ቅጂው ውስጥ ሁለት ድምፅ ይገባል፦ ጥፍሩ መስታወቱን ሲነካ የሚሰማው «ቀጭ» እና ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው የፒያኖ ድምፅ። ቅጂውን ድምፅ በሚያሳይ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ በነፃ በሚገኘው Audacity፣ ከፍታችሁ በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ለኩ። ቀጥሎ ማዳመጫውን አገናኙና አንዱን ጆሮ ከሚቀዳው ስልክ ማይክ ጋር አጣብቃችሁ ያንኑ ድገሙ።

በእኔ ማዳመጫ የመጀመሪያው 80፣ ሁለተኛው 290 ሚሊ ሰከንድ ሆነ። 80ው የስልኩና የፕሮግራሙ የራሱ ነው፤ ከ290 ላይ ሲቀነስ በማዳመጫው የተጨመረው 210 ነው። አንድ ምት ብቻ ለክታችሁ አትርኩ፤ አሥር ያህል መትታችሁ መካከለኛውን ውሰዱ። የመጀመሪያዋን ምት ደግሞ አትቁጠሯት፤ ማዳመጫው ዝምታ ሲረዝምበት ስለሚያንቀላፋ መነሻዋን ሊበላት ይችላል።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ምን እናድርግ? ለቅንብር ሥራ መልሴ አጭር ነው፤ ገመድ ያለው ማዳመጫ ተጠቀሙ። ድምፅና ምስል የምታገጣጥሙ ከሆነ በብሉቱዝ ፈጽሞ አታድርጉት። የምትተማመኑበት ገመድ በእጃችሁ ከሌለ ደግሞ ጆሯችሁን ትታችሁ ዓይናችሁን እመኑ፦ ቀረጻ ሲጀመር በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ በኃይል አጨብጭቡ፣ መዳፎቹ የገጠሙበትን ፍሬም በድምፁ ሥዕል ላይ ብድግ ካለችው ጫፍ ጋር አግጥሙ። ይህ ሥራ የሚሠራው በዓይን ስለሆነ ማዳመጫው ቢዘገይም አያሳስታችሁም።

ፊልም ለማየት ከሆነ በአጫዋቹ ላይ ማስተካከል ይቻላል። በዊንዶውስ ወይም በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ በVLC የJ ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲነካ ድምፁን በ50 ሚሊ ሰከንድ ያስቀድማል፣ የK ቁልፍ ደግሞ በዚያው ልክ ያዘገያል። ድምፁ በ210 ሚሊ ሰከንድ የሚዘገይ ከሆነ J አራት ጊዜ ሲነካ 200 ይካካሳል፤ የቀረችውን 10 ማንም አይለያትም። ሆኖም አጫዋቹ ከመዘግየቱ የተወሰነውን አስቀድሞ አካክሶት ሊሆን ስለሚችል፣ የለካችሁትን ቁጥር በአንዴ አትጫኑበት። አንድ ሰው ሲያጨበጭብ የሚያሳይ ቁራጭ ከፍታችሁ ከዜሮ ጀምሩና እጅና ድምፅ እስኪገጥሙ አንድ በአንድ ሂዱ። mpv የምትጠቀሙ ደግሞ ቁጥሩን በሰከንድ እንዲህ ትሰጡታላችሁ፦

```
mpv --audio-delay=-0.2 serg.mp4
```

የመቀነሷን ምልክት አትርሱ፤ እሷ ከሌለች መዘግየቱ በእጥፍ ይብሳል። እነዚህ ሁሉ የሚለውጡት የምታዩበትን መንገድ እንጂ ፋይሉን አይደለም፤ እኔ ያን ሌሊት ያላወቅሁት ልዩነትም ይህ ነው።

ራሱን መዘግየቱን ለማሳጠር ከተፈለገ ቋቱን ማሳነስ ያስፈልጋል። ብዙ አዳዲስ ማዳመጫዎች የጨዋታ ወይም የዝቅተኛ መዘግየት ሁኔታ አላቸው። በእኔው ማዳመጫ ላይ ስከፍተው 290 የነበረው ወደ 170 ወረደ፤ ማዳመጫው የሚጨምረው ከ210 ወደ 90 ዝቅ አለ ማለት ነው። ዋጋው ግን ወዲያው ታየ። ስልኩን በኋላ ኪሴ ከትቼ ስራመድ ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ፤ አብዛኛው የሰው ገላ ውኃ በመሆኑ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ስለዚህ ይህን ሁኔታ የምትከፍቱት ስልኩ ፊት ለፊታችሁ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ነው። የቤታችሁ ዋይፋይ 5 ጊጋ ኸርዝ ካለው ስልኩን ወደዚያ ማዛወርም ለብሉቱዙ ሜዳውን ያሰፋለታል። ይህ በራሱ ቋቱን አያሳንሰውም፤ ትንሹ ቋት ሳይቆራረጥ እንዲሠራ ግን ይረዳል።

ስለ ኮዴክ ብዙ ስለሚወራ አንድ ቃል ልበል። በአንድሮይድ ስልክ Developer options ውስጥ Bluetooth audio codec የሚል ምርጫ አለ። እዚያ ገብቶ ከፍተኛ ጥራት ያለውን ኤልዳክ መምረጥ መዘግየቱን የሚቀንስ የሚመስለው ሰው አለ። ኤልዳክ የተሠራው ለጥራት ነው፤ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎ ቢት ስለሚልክ ራዲዮውን ይበልጥ ያጨናንቀዋል። ለዝቅተኛ መዘግየት ተብለው የተሠሩ ኮዴኮችም አሉ፤ የሚሠሩት ግን ላኪውም ማዳመጫውም ሁለቱም ሲያውቋቸው ነው። አንዱ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ሳይነግሯችሁ ሁለቱም ወደሚያውቁት ሌላ ኮዴክ፣ ለምሳሌ ወደ ኤስቢሲ፣ ይመለሳሉ። ስትገዙ በካርቶኑ ላይ ባለው ጽሑፍ ብቻ አትመኑ፤ በጥፍርና በፒያኖ ለኩት።

ከመድረኩ ከመውረዴ በፊት የምታሳስበኝ አንዲት ነገር ቀርታለች። እስካሁን የተናገርነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ስለሚሆን መዘግየት ነው። ልዩነቱ በመጀመሪያው ደቂቃ ሳይኖር በሁለተኛው ሰዓት ላይ ገዝፎ ካገኛችሁት ግን ብሉቱዙን አትውቀሱ፤ ጥፋቱ ያለው በቀረጻው ውስጥ ነው። ካሜራውና የድምፅ መቅጃው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሰዓት ቆጣሪ አላቸው፤ የሁለቱ ቆጣሪዎች ልዩነት ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ 180 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። በሦስት ሰዓት የሰርግ ቀረጻ ከግማሽ ሰከንድ ያልፋል። ለዚህ የሚረዳው ድምፁን መሳብ ሳይሆን በመጀመሪያና በመጨረሻ አንድ አንድ ጊዜ አጨብጭቦ፣ በሁለቱ ጭብጨባዎች መካከል ያለውን ድምፅ በልኩ መዘርጋት ወይም ማሳጠር ነው። የትኛው ችግር እንደገጠማችሁ ለመለየት በገመድ ማዳመጫ ወይም በላፕቶፑ በራሱ ድምፅ ማጉያ የቪዲዮውን መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ እዩ። በሁለቱም ቦታ ልክ ከሆነ ፋይላችሁ ጤነኛ ነው፤ አትንኩት።

ያን የሰርግ ቪዲዮ መልሼ ሠራሁት። ድምፁን አምስት ፍሬም ወደ ኋላ መለስኩና በገመድ እየሰማሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት፤ ከዚያ ወስጄ አያትየው ከተቀመጡበት ሳሎን፣ በዚያው ቴሌቪዥን ላይ ከፈትኩላቸው። የከበሮው ክፍል እስኪያልፍ ዝም ብለው አዩ፤ ከዚያም ቡና እንዲፈላልኝ አዘዙ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ስልክና አንድ ላፕቶፕ አዘጋጅቻለሁ። ማዳመጫ ይዛችሁ የመጣችሁ ተራ በተራ ኑ፤ የእያንዳንዳችሁን አብረን እንለካና ቁጥሩን በማዳመጫችሁ ማስቀመጫ ክዳን ውስጥ እንጽፈዋለን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ገለቶማ።